የስፌት መኪናችሁን ሞዴል ከፎቶ መለየት፦ በቅርፁ፣ በማዞሪያዎቹና ከሆዱ ስር ባለው ላሜራ

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ገላን ወይ ሰበታ ሆናችሁ መኪናችሁ ሲበላሽ መጀመሪያ የምታደርጉት ነገር ይታወቃል፣ ከፊት ለፊት አንድ ፎቶ አንስታችሁ መርካቶ ላለው መለዋወጫ ሻጭ በቴሌግራም መላክ ነው። እሱም ስሙን አይቶ "አለ፣ ነይ" ይላል፣ በሁለት ታክሲ ተሄዶ ተገዝቶ ይመጣል፣ ቤት ሲደረስ አይገባም። ሻጩ ዋሽቶ አይደለም፣ ፎቶው ላይ የታየው የፋብሪካ ስም ብቻ ስለሆነ ነው። አንድ ፋብሪካ በመቶ የሚቆጠር ሞዴል አለው፣ በዛ ላይ የአንዱን ፋብሪካ መኪና ሌላው ስሙን ለጥፎ ይሸጠዋል።

ከዚህ በታች ያለው ለቤት መኪና ነው፣ ማለትም ጥቁሩ የብረት የእግር መኪናና ነጩ የኤሌክትሪክ። የጋርመንት ፋብሪካዎቹን አይነት አልነካሁም። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉት፣ ምክንያቱም ቅርፁ ቤተሰቡን ብቻ ነው የሚነግራችሁ፣ ቦቢኑና ማዞሪያዎቹ ያጠባሉ፣ ሆዱ ስር ያለው ቁጥር የተፃፈበት ላሜራ ነው የሚጨርሰው።

ደረጃ 1፦ ከማንሳታችሁ በፊት

1. ሶኬቱን ንቀሉ። የእግር ከሆነ ቺንጊያውን ከመዘውሩ ላይ አውጡ፣ አለበለዚያ ስትገለብጡት ይወጠርና ይበጠሳል።
2. መርፌውን አውልቁ፣ ግን ከማውለቃችሁ በፊት የመርፌው ጠፍጣፋ ጎን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ወይስ ወደ ኋላ እንደሆነ እዩና ፃፉት። ኋላ ይፈለጋል።
3. አቧራውን በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ። ቅባት የጠገበ ከሆነ ጨርቅ ላይ ትንሽ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አድርጋችሁ አብሱት።

እዚህ ላይ አደራ፣ አሮጌውን ጥቁር መኪና በአልኮል ወይ በሳኒታይዘር እንዳትጠርጉት። ላዩ ላይ ያለው ቫርኒሽ በአልኮል ይሟሟል፣ ወርቃማው ፅሁፍና ጌጥም አብሮ ይነሳል፣ ያ ደግሞ አንዱ መለያችሁ ነበር። በብርጭቆ ወረቀት ቁጥር ለማጥራት መሞከር ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም፣ ቁጥሩን ነው የምታጠፉት።

4. ብርሃን፦ መኪናውን በር ላይ ወይ መስኮት አጠገብ አውጡት፣ ጠዋት ቢሆን ጥሩ ነው። የስልኩን ፍላሽ አጥፉ። ላሜራ ያብረቀርቃል፣ ፍላሽ ሲመታው መሀሉ ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ የሚፈለገው ቁጥር ደግሞ ሁሌ እዛ ነጩ ላይ ነው።

ደረጃ 2፦ የሚነሱት ፎቶዎች

ከሩቅ አንድ ፎቶ አንስቶ "ዙም አድርገው" ማለት አይሰራም። እነዚህን ለየብቻ አንሱ፦

1. ሙሉው ከፊት፣ ስልኩ ከመኪናው ጋር እኩል ከፍታ ላይ ሆኖ። ከላይ ወደ ታች ከተነሳ ቅርፁ ይጣመማል።
2. ከግራ በኩል፣ መርፌው ያለበት ጫፍ።
3. ከቀኝ በኩል መዘውሩ፣ ከኋላም ጭምር።
4. ከላይ፣ መርፌው የሚገባበት ላሜራና ዙሪያው።
5. ቦቢኑና የቦቢኑ ቤት ወጥተው፣ አጠገባቸው ማስመሪያ ተደርጎ።
6. እያንዳንዱ ማዞሪያ ቁጥሩ እስኪነበብ ቀርቦ።
7. ሆዱ፣ ማለትም ተገልብጦ።

ስትልኩ ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፣ ትንንሽ ቁጥሮች ይደበዝዛሉ፣ 3 እና 8 አንድ ይመስላሉ። ኔትወርክ ካስቸገረ ደግሞ ቢያንስ ቁጥር ያለበትን ላሜራ ብቻ በፋይል ላኩ፣ ሌላውን እንደፈለጋችሁ።

ደረጃ 3፦ ከቅርፁ ቤተሰቡን ማወቅ

ጥቁሩ የብረት መኪና ሁሉ "ሲንጀር" ይባላል እኛ ጋ፣ ግን የቻይናው ቢራቢሮም፣ የጃፓኖቹም የሚመስሉት የሲንጀርን 15 የሚባለውን ቤተሰብ ነው፣ ስለዚህ ከሩቅ አይለዩም። ስሙን ለጊዜው ተዉት፣ ስቲከር ማንም ይለጥፋል። ሁለት ቦታ ብቻ እዩ።

አንደኛው የላይኛው ክር ማጥበቂያ ነው፣ ክቡ ሳህን ስፕሪንግ ያለው። እሱ በግራ ጫፍ ፊቱን ወደ ግራ አዙሮ ከተቀመጠ 15 ቤተሰብ ሊሆን ይችላል። ፊቱን ወደ ሰፊው፣ ማለትም ወደ እናንተ ካዞረ ሌላ ቤተሰብ ነው፣ ለምሳሌ 66።

ሁለተኛው ከመርፌው ስር ያለው ተንሸራታች ላሜራ ነው። ከመርፌው በስተግራ አንድ ብቻ ሆኖ፣ ሲከፈት ቦቢኑ በቤቱ ውስጥ ቆሞ ከጎን የሚጎተት ከሆነ 15 ነው። ሲከፈት ቦቢኑ ተኝቶ ከላይ የሚታይ ከሆነ 66 ወይ ወንድሞቹ ናቸው። ከመርፌው ፊትና ኋላ ሁለት ረጃጅም ላሜራ ካለውና ውስጡ ጥይት የመሰለ ረጅም መወርወሪያ ከሆነ ደግሞ የድሮዎቹ 27፣ 28፣ 127 ወይ 128 ናቸው። የነዚህ ቦቢን ክብ ሳይሆን ቀጭን ዘንግ ነው፣ ከሌላው ጋር በፍፁም አይቀያየርም።

መርፌውን እንዴት እንደገባ የፃፋችሁት እዚህ ይጠቅማል። በ15 ላይ ጠፍጣፋው ጎን ወደ ግራ ይዞራል፣ ክሩም ከቀኝ ወደ ግራ ይገባል። በ66 ተቃራኒው ነው። ጠፍጣፋው ወደ ኋላ የሚዞር ከሆነ ምናልባት ዚግዛግ የሚሰፋ፣ ቀረብ ያለ ዘመን መኪና ነው የያዛችሁት። ታዲያ ከእናንተ በፊት የነበረው ሰው መርፌውን አዛብቶ ሊያስገባው ስለሚችል (መኪናው ስፌት ይዘል ከነበረ ምክንያቱ ይሄ ሊሆን ይችላል) በመርፌው ብቻ አትወስኑ።

ነጩ የኤሌክትሪክ ላይ ቅርፅ ብዙም አያዋጣም። ፋብሪካዎቹ አንድ ፕላስቲክ ሽፋን ሰርተው ውስጡን እየቀያየሩ አምስት ስድስት ሞዴል ያወጡበታል። እሱን በማዞሪያውና በላሜራው ነው የምትይዙት።

ደረጃ 4፦ ቦቢኑን አትርሱ

ሰው የሚሳሳተው በብዛት እዚህ ነው፣ ምክንያቱም ሁሉም ክብ ነው። ቦቢኑን ጠረጴዛ ላይ አቁሙትና ከጎን አንሱት። የ15ቱ ሁለቱም ፊት ጠፍጣፋ ነው፣ ወርዱ 20 ሚሊሜትር ገደማ፣ ቁመቱ ከ11 እስከ 12 ሚሊሜትር። የ66ቱ ስፋቱ ተቀራራቢ ሆኖ ላይና ታቹ ወጣ ብሎ ይጎብጣል። ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አስቀምጣችሁ በጣት ስትነኩት የሚወዛወዝ ከሆነ ጎባጣው ነው።

የቦቢኑ ቤት ብረት ከሆነ አናቱ ላይ የወጣች ጣት የመሰለች ነገር አለች። መኪናው ውስጥ እንደገባ ከፊት ለፊት አንሱት፣ ጣቷ ሰዓት ላይ 12 ጋ ናት፣ 11 ጋ ወይስ 1 ጋ? ገበያ ላይ የተለያዩ አሉ፣ በእጅ ስታዩዋቸው መንትያ ናቸው፣ የተሳሳተውን ስታስገቡ ግን ወይ አይገጥምም ወይ ገጥሞ ይዞርና መርፌ ይሰብራል። ሻጩ "ሁሉም አንድ ነው" ካለ አትስሙት፣ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና አስተያዩ።

የፕላስቲክ ቦቢን ካለው ለብረት አትለውጡ፣ መጠኑ አንድ ቢሆንም።

ደረጃ 5፦ ማዞሪያዎቹን ማንበብ

ከማንሳታችሁ በፊት ዚግዛግ ካለው የመርፌውን መያዣ ወደ ላይ አንስታችሁ ሁሉንም ወደ 0 አዙሩ፣ ያኔ ጠቋሚው የቱ ጋ እንደሚያርፍ ይታያል። ከዛ ስንት ማዞሪያ እንዳለ ቁጠሩ፣ የቱ ክንዱ ላይ፣ የቱ ቀኝ በኩል ካለው ቁም ምሰሶ ላይ፣ የቱ አናቱ ላይ እንደሆነ ፃፉ። ለነጩ መኪና "ሶስት ማዞሪያ፣ አንዱ ትልቅ ምሰሶው ላይ፣ ሁለት ትንንሽ ክንዱ ላይ" የሚል ዓረፍተ ነገር ከስሙ ይሻላል።

የስፌት ስዕል ያለው ማዞሪያ ካለ ስዕሎቹን አንድ በአንድ ቁጠሩ፣ የቁልፍ ቀዳዳውንም ጨምራችሁ። አንድ ሽፋን ያላቸው ሞዴሎች ብዙ ጊዜ የሚለያዩት በስፌት ብዛት ነው፣ አንዱ 10 ሌላው 14 ይሆናል። ስዕሎቹ በሁለት ቀለም ከሆኑ ያንንም ፃፉ።

በጥቁሩ መኪና ላይ ደግሞ የስፌት ርዝመት መወሰኛውን ብቻ ነው የምታዩት። የምትጠመዘዝ ብሎን ብቻ ከሆነች የድሮ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኋላ አይሰፋም። ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ ማንሻ ከሆነ አጠገቡ ያሉትን ቁጥሮች አንብቡ። 6፣ 8፣ 10፣ 12፣ 15፣ 20፣ 30 እያለ የሚሄድ ከሆነ በኢንች ስንት ስፌት እንደሚገባ ነው የሚቆጥረው፣ ስለዚህ ቁጥሩ ሲበዛ ስፌቱ ይደቃል። የሲንጀር የድሮ አቆጣጠር ይሄ ነው። ከ0 ወይ ከ1 ተነስቶ 4 ወይ 5 ላይ የሚያበቃ ከሆነ ሚሊሜትር ነው፣ ቁጥሩ ሲበዛ ስፌቱ ይረዝማል። "ኦሪጅናል ሲንጀር 15" ተብሎ የተሸጠላችሁ መኪና ከ1 እስከ 5 የተፃፈበት ከሆነ ጠርጥሩ።

ቁጥሩ ከጠፋስ? መርፌውን መልሳችሁ አስገቡና ወረቀት ላይ ያለ ክር ስፉበት። ማንሻውን መጨረሻ ድረስ ዝቅ አድርጋችሁ ጥቂት ሴንቲሜትር ስፉና በቀዳዳዎቹ መሀል ያለውን በማስመሪያ ለኩ። ሞዴሉን አይነግራችሁም፣ ግን የመጨረሻው ርዝመት 4 ገደማ መሆኑን ካወቃችሁ ከመመሪያ ወረቀቱ ጋር ለማስተያየት ይሆናል።

ደረጃ 6፦ መገልበጥና ላሜራውን ማግኘት

ጥቁሩ ከ10 ኪሎ በላይ ነው። ወደ ኋላ የሚጋደመው በሁለት ማጠፊያ ነው፣ ማጠፊያዎቹን የያዟቸው ብሎኖች ከላሉ መኪናው ተንሸራቶ እግር ላይ ይወድቃል። መጀመሪያ በካቻቢቴ አጥብቋቸው፣ ከዛ አንድ ሰው ይያዝላችሁ። ነጩን ደግሞ የታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ በጀርባው አስተኙት፣ መዘውሩ መሬት እንዳይነካ።

አሁን የምትፈልጉት የትኛውን ቁጥር እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ፣ ምክንያቱም ሆዱ ላይ ብዙ ቁጥር አለ፣ አብዛኛው ደግሞ አይጠቅማችሁም።

1. ከብረቱ ጋር አብሮ ተቀልጦ ጎልቶ የወጣ ቁጥር ሞዴል አይደለም። የቀላጩ ወይ የአካሉ ቁጥር ነው፣ በጃፓኖቹ መኪና ሆድ ላይ በብዛት አለ። እሱን ይዛችሁ ብትፈልጉ ሞዴሉን አታገኙም።
2. ከላይ መደቡ ላይ ምሰሶው ስር የተመታ ረጅም ቁጥር ሴሪያል ነው። በሲንጀር ላይ አብዛኛውን ጊዜ ፊደል ይቀድመዋል። ሴሪያል የት ፋብሪካና መቼ ገደማ እንደተሰራ ይነግራል፣ ሞዴሉን ግን በቀጥታ አያሳይም።
3. ምሰሶው ላይ ትንሽ ላሜራ ኖራ 15 ወይ 201 ብላ ቀጥላ የእንግሊዝኛ ኬ ካለባት ግልግል ነው፣ ኬ ማለት ስኮትላንድ ክላይድባንክ የነበረው ፋብሪካ ነው፣ በ1980 በአውሮፓ አቆጣጠር ተዘግቷል። በጣም የድሮዎቹ ላይ ግን ሞዴል ጭራሽ አልተፃፈም፣ እነሱን በደረጃ 3 እና 4 ብቻ ነው የምትለዩት።
4. በቻይናው ላይ ጄ እና ኤ ተከትሎ ቁጥር ካለ ሞዴሉ እሱ ነው። ጄ የቤት መኪና ማለት ነው፣ በጂ የሚጀምር ከሆነ የኢንዱስትሪ ነው።
5. በኤሌክትሪኩ ላይ ሞዴል፣ ቮልት፣ ኸርዝና አምፔር ወይ ዋት አንድ ላይ የተፃፈበት ላሜራ ወይ ስቲከር አለ፣ ወይ ሆዱ ስር ወይ ሶኬቱ የሚሰካበት አጠገብ። የሚፈለገው ይሄ ነው።

ሁለት ወጥመድ አለ። የእግር መርገጫው ሆድ ላይም ላሜራ አለ፣ የራሱ ሞዴል ያለው፣ ሰው እሱን አንስቶ ይልካል። የእግር መኪና ላይ ኋላ የታሰረችው ትንሿ ሞተርም እንደዛው። ላሜራው ያለበት ነገር ራሱ መኪናው መሆኑን አረጋግጡ።

የተመታ ቁጥር አልነበብ ካለ ጠመኔ ላዩ ላይ እሹበትና በደረቅ ጣት ጠረግ አድርጉት፣ ጉድጓዱ ውስጥ የቀረው ነጭ ይነበባል። ከዛ የሌላ ስልክ ባትሪ ከጎን ተጋድሞ እንዲያበራ አድርጋችሁ አንሱ፣ ከፊት ለፊት አይደለም። ስቲከር ከሆነና ከደበዘዘ ግን ጠመኔም ዘይትም አትንኩት፣ ከሶስት የተለያየ አንግል አንስታችሁ ከአንዱ ያላያችሁትን ከሌላው አንብቡ። አሁንም የማይለይ አሃዝ ካለ ገምታችሁ አትፃፉ፣ ቦታውን በሰረዝ ተዉት።

አንድ ምሳሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ያለች ጎረቤቴ እህቷ ከአሜሪካ የላከችላት ነጭ መኪና አላት። ፊቱ ላይ ኬንሞር ይላል። የቦቢኑ ፕላስቲክ ቤት ተሰንጥቆ ክር ይቋጥርባታል፣ መርካቶ ሁለት ቦታ ጠይቃ "ኬንሞር የሚባል አናውቅም" ነው መልሱ፣ አንዱ ደግሞ ከላይ የሚገባ ስለሆነ ብቻ የሲንጀር 66 ሸጦላት ነበር።

ቅርፁ ምንም አልነገረንም፣ እንደማንኛውም ነጭ መኪና ነው። ቦቢኑን ጠረጴዛ ላይ አቆምነው፣ ፕላስቲክ፣ ሁለቱም ፊት ጠፍጣፋ፣ 20 ሚሊሜትር ገደማ። ስለዚህ የ66 የሚባለው ነገር እዛው አበቃለት። ጠፍጣፋው የመርፌ ጎን ወደ ኋላ። ማዞሪያ፦ ምሰሶው ላይ የስፌት ስዕል ያለው አንድ ትልቅ፣ ክንዱ ላይ የክር ማጥበቂያ፣ ከዛ በታች የስፌት ርዝመት ከ0 እስከ 4፣ ማለትም ሚሊሜትር።

ከዛ ገለበጥነው። ላሜራው ላይ ሞዴል ከሚለው ቀጥሎ 385 አለ፣ ነጥብ፣ ከዛ ሌሎች አሃዞች። ወሳኙ እነዚህ ሶስቱ ናቸው። ኬንሞር ሲርስ የሚባለው የአሜሪካ መደብር የለጠፈው ስም ነው እንጂ ፋብሪካ አይደለም፣ መኪናውን ሌሎች ይሰሩለት ነበር፣ ከነጥቡ በፊት ያለው ቁጥር ማን እንደሰራው ያሳያል። 385 ጃኖሜ ነው። 158 ቢሆን ኖሮ ማሩዘን ነበር፣ ክፍሉም ሌላ። ስለዚህ ሻጩን መጠየቅ ያለባት "ኬንሞር አለ?" ብላ ሳይሆን "ጃኖሜ፣ ከላይ የሚገባ፣ የፕላስቲክ ቦቢን ቤት" ብላ ነው፣ አሮጌውን ይዛ። ለማመሳከር ስልኳ ላይ ይሄን ፃፍን፣ ከ385 ቀጥሎ የላሜራውን ሙሉ ቁጥር ጨምረን፦

```
Kenmore 385 manual pdf
```

ላሜራው ሌላም ነገር ነገረን፣ 120 ቮልት 60 ኸርዝ። እሷ በ110 መቀየሪያ ነበር የምትጠቀመው፣ ደህና፣ ግን ልጇ አንድ ቀን ቀጥታ ግድግዳው ላይ ሊሰካው ነበር። በኛ 220 ላይ በቀጥታ ከተሰካ ሞተሩም አምፖሉም ይቃጠላል። የመቀየሪያውን አቅም ከላሜራው አስሉት፦ ቮልት ሲባዛ በአምፔር፣ 1 አምፔር ካለ 120 ዋት ነው፣ እጥፍ ገደማ አቅም ያለው ግዙ። የኸርዙ ልዩነት ብሩሽ ላለው ተራ የቤት መኪና ሞተር ችግር አይፈጥርም።

ደረጃ 7፦ ከመክፈላችሁ በፊት ማመሳከር

ሞዴሉን ካገኛችሁ በኋላ የመመሪያ ወረቀቱን ስዕል አውጥታችሁ አራት ነገር ከመኪናችሁ ጋር አስተያዩ፦ የማዞሪያዎቹ ብዛትና ቦታ፣ የስፌት ስዕሎቹ ቁጥር፣ የቦቢኑ አገባብ፣ ክሩ ከላይ እስከ መርፌ የሚሄድበት መንገድ። አራቱም ከገጠሙ ያዙት። ሶስቱ ገጥሞ የስፌት ብዛቱ ብቻ ከተለየ ወንድሙን ነው ያገኛችሁት፣ ቦቢንና መርፌ አብዛኛውን ጊዜ ይጋራሉ፣ ጊርና ማዞሪያ ግን አይጋሩም። የቦቢኑ አገባብ ከተለየ ግን ሌላው ሁሉ ቢገጥም እንኳ ጣሉት፣ ወደ ደረጃ 6 ተመለሱና ቁጥሩን እንደገና አንብቡ፣ 3ን 8 ወይ 5ን 6 ብላችሁ ያነበባችሁት እዛ ነው።

ለሻጩ ስትልኩ ፎቶ ብቻ አትላኩ፣ ከስሩ እንዲህ ብላችሁ ፃፉ፦ "የሚያስፈልገኝ የቦቢን ቤት ነው፣ ሞዴሉ ይሄ፣ ቦቢኑ ጠፍጣፋ ፕላስቲክ 20 ሚሊሜትር፣ ከላይ የሚገባ፣ አሮጌው ፎቶው ላይ አለ፣ በእጅህ ካለ ከማስመሪያ ጋር አንስተህ ላክልኝ።" አንስቶ ካልላከ ታክሲ አትሳፈሩ።